ዝናብና የሠራተኛ እጥረት በሳይት ዲያሪ ላይ፦ በኋላ ማስረጃ እንዲሆኑ እንዴት ይጻፋሉ?

ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሳይቶች የሚሠሩ መሐንዲሶችና ፎርማኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው እሄዳለሁ።

ዴይሊ ሪፖርት በየቀኑ እንሞላለን። ሳይት ዲያሪ ደግሞ ለምን?

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዴይሊ ሪፖርት ለአማካሪው የሚላክ ቅጽ ነው። የሠራተኛ ቁጥር፣ የማሽን ቁጥርና የተሠራው ሥራ ይሞላበታል። ሳይት ቡክ ደግሞ አማካሪው ትእዛዝ የሚጽፍበት ነው። ዲያሪው ግን የቀኑን ታሪክ ይይዛል፦ ምን ተጀመረ፣ ምን ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተመለሰ።

ዴይሊ ሪፖርቱ ላይ "የአየር ሁኔታ" የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። "ዝናባማ" ተብሎ ይጻፍባታል፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቅ ያቺ ቃል ምንም አትናገርም። ጠዋት ይሁን ማታ፣ ሥራ ያቁም አያቁም፣ የትኛውን ሥራ እንዳቆመ አይታወቅም። ያንን የሚናገረው ዲያሪው ብቻ ነው።

ማን ይጻፈው? መቼ?

ሥራውን በዓይኑ ያየ ሰው፣ በዚያው ቀን፣ ከሳይት ሳይወጣ። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ሳይት መሐንዲሱ ነው። ፎርማኑ ደግሞ የኪስ ደብተር ይያዝ። ዝናብ ሲጀምር ሰዓቱን እዚያው ቆሞ ይጫርባት። ሥራ ሲያበቃ መሐንዲሱ ወደ ዲያሪው ያስገባዋል። የኪስ ደብተሯን አትጣሏት። ጭቃ የነካትና ፊደሏ የተንጋደደ ብትሆንም ለድርጊቱ ከሁሉም የቀረበች ማስረጃ እሷ ናት።

ዲያሪው የተጠረዘ፣ ገጹ ቁጥር የታተመበት ደብተር ይሁን። በእስክርቢቶ ይጻፍ። ስህተት ሲኖር በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አጠገቡ ፈርሙ፤ የተሰረዘው ይነበብ። ባዶ መስመር ከተረፈ በሰያፍ መስመር ዝጉት።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የፈለግሁት በምክንያት ነው። ፊዲክ በብዙ አገር የሚሠራበት መደበኛ የግንባታ ውል ነው፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመው እትሙ ለጥያቄ የሚቀርብ መዝገብ ድርጊቱ በደረሰበት ጊዜ ወይም ወዲያው ከዚያ በኋላ የተዘጋጀ እንዲሆን ይፈልጋል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በፎክላንድ ደሴቶች ፍርድ ቤት የታየ አንድ የፊዲክ ክርክርም እዚህ ነጥብ ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ በወቅቱ የተጻፈ መዝገብ የሌለውን ክፍተት በኋላ በተዘጋጀ የምስክር ቃል መሙላት አይቻልም አለ። በዓለም ዙሪያ የፊዲክ ተከራካሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

"ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ነበር" ብዬ ብጽፍ አይበቃም?

አይበቃም። ዝናብ በራሱ ሥራ አያዘገይም፤ የሚያዘገየው አንድ የተወሰነ ሥራ ሲያቆም ነው። ዝናብ እየወረደ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ የውስጥ ልስን ይለሰናል። ክፍት ያለ ሶሌታ ላይ ግን ኮንክሪት አይሞላም። የውጭ ልስን ይታጠባል። የቤዝመንት ቁፋሮ ውስጥ ውሃ ይተኛል።

ስለዚህ አምስት ነገር ከወረቀቱ ላይ ይገኝ። ዝናቡ የጀመረበትና ያባራበት ሰዓት፤ የቆመው ሥራና ቦታው፤ እዚያ የነበሩት ሠራተኞች ቁጥርና ሙያ፤ ከቆመ በኋላ የት እንደሄዱ፤ ሥራው የተመለሰበት ሰዓት። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው። ዝናቡ ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ሊያባራ ይችላል፤ ሥራው ግን ረቡዕ 5 ሰዓት ላይ ይመለሳል። የረቡዕ ገጽ ላይ "ፀሐያማ" ብቻ ተጽፎ ከተገኘ የረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከእጃችሁ ወጣ። በጭቃ ወይም በውሃ ምክንያት የጠፋ ፀሐያማ ጠዋት ከዝናቡ ሰዓት ጋር እኩል ይቆጠራል፤ ግን ከተጻፈ ነው።

"ከባድ"፣ "ኃይለኛ"፣ "ያልተለመደ" የሚሉትን ቃላት ቀንሱ። በምትካቸው የሚለካ ነገር ጻፉ፦ "በጉድጓዱ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ 35 ሳ.ሜ. ውሃ ተኝቷል"። አርባ ገጽ የሚያገላብጥ ዳኛ "ኃይለኛ ዝናብ" የሚለውን ያልፈዋል። 35 ሳ.ሜ. ላይ ግን ይቆማል።

ሰዓቱንና ቀኑን በሐበሻ ልጻፍ ወይስ በፈረንጅ?

በሁለቱም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን የፈጀ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ዲያሪው ላይ "3:00 ዝናብ ጀመረ" ይላል። የጻፈው ፎርማን ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነበር። የአማካሪው ሰው 15:00 ብሎ አነበበው። የስድስት ሰዓት ልዩነት አንድን ቀን ሙሉ በሙሉ ይለውጣል፤ ጠዋት ከሆነ ቀኑ ጠፍቷል፣ ከሰዓት ከሆነ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው።

ስለዚህ "ከቀኑ 8:20 (14:20)" ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም "ማክሰኞ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 (23/04/2024)" ብላችሁ። የሳምንቱን ስም አትተዉት። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ሲገለበጥ አንድ ቀን መዝለል ቀላል ነው፤ በተለይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። የሳምንቱ ስም ስህተቱን ወዲያው ያጋልጠዋል።

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናብ መጠን ይመዘግባል። የኛ ምዝገባ ምን ይጨምራል?

ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ቁጥር ገለልተኛ ነው፤ ማንም "ለራሳችሁ ጻፋችሁት" አይለውም። ነገር ግን እሱ የሚነግራችሁ ጣቢያው ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ነው። የእናንተ ሥራ መቆሙን አያውቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ፒያሳ ጃንጥላ ሲገለበጥ ስታዲየም አቧራ ይነሳል። በተለይ በበልግ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ዝናብ ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከጣቢያው የተገኘው ቁጥር ሳይቱ ላይ የሆነውን በትክክል ላያሳይ ይችላል። ያ ሲሆን ክፍተቱን የሚሞላው ዲያሪው ነው።

ሳይቱ ላይ ተራ የፕላስቲክ የዝናብ መለኪያ ብታቆሙ ጥሩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት (9:00) አንብቡት፤ ጣቢያዎቹም የሚያነቡት በዚያ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ማክሰኞ ከሰዓት የወረደው ዝናብ የሚለካው ረቡዕ ጠዋት ነው። የተጻፈው በየትኛው ቀን ስም እንደሆነ ካላጣራችሁ የእናንተ ዲያሪ "ማክሰኞ ዘነበ" ሲል ሰንጠረዡ "ማክሰኞ ዜሮ፣ ረቡዕ 31" ሊል ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ሳታስረዱ ካቀረባችሁት ውሸታም ትመስላላችሁ።

መሀል ከተማ መለኪያ ማስቀመጥ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። ግራና ቀኝ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ዝናቡን ይከልለዋል። ጣሪያ ላይ ካወጣችሁት ነፋሱ ጠብታውን ይወስደዋል። ስለዚህ የራሳችሁን ንባብ እንደ ደጋፊ ቁጥር ብቻ ያዙት። መለኪያው የተቀመጠበትን ቦታም አንዴ በፎቶና በጽሑፍ መዝግቡ።

የክረምት ዝናብ የጊዜ ማራዘሚያ ያሰጣል?

ሐምሌ ዘነበ ብሎ ጊዜ መጠየቅ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ በአማካይ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚ.ሜ. በላይ ያወርዳሉ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ተቋራጩም ዋጋና መርሐ ግብር ሲያወጣ ማሰብ ነበረበት። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ በአንቀጽ 8.4 የሚፈልገው "ለየት ባለ ሁኔታ አስከፊ" የሆነ የአየር ሁኔታ ነው። ሲሳካም የሚያስገኘው ጊዜ ነው፤ ገንዘብ አይደለም።

ያ ውል "ለየት ያለ" ማለት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ማሳየት ያለባችሁ ልዩነቱን ነው፦ ያለፉት ዓመታት የዚያው ወር ዝናብ ይህን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ሆነ። ያለፈውን ከኢንስቲትዩቱ ትወስዳላችሁ። በዘንድሮው ዝናብ ስንት የሥራ ሰዓት እንደጠፋ የሚናገረው ዲያሪው ነው። በዚህ ምክንያት የተለመደውን የክረምት ዝናብም ሳትሰለቹ መዝግቡ። ተራውን ቀን ያልጻፈ ሰው ለየት ያለው ቀን ለየት ማለቱን ማሳየት አይችልም።

የሠራተኛ እጥረት እንዴት ነው የሚጻፈው?

በሙያ ተከፋፍሎ። "ዛሬ 41 ሠራተኛ" የሚል ቁጥር አይረዳም። 41ዱ ሁሉ የቀን ሠራተኛ ከሆኑና አንድም አናጺ ከሌለ ፎርምወርክ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ሙያ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ በዕቅዱ ስንት ነበር፣ ስንት መጣ። ቀጥሎ በዚህ ምክንያት ያልተሠራውን ሥራ በቦታው ጻፉ።

ምክንያቱን ስትጽፉ ከራሳችሁ አትገምቱ። "ሠራተኞች ለእርሻ ሄዱ" ከሚለው ይልቅ "ካቦው ጠዋት 2:30 ላይ ሲጠየቅ 'ለጤፍ አጨዳ አገር ቤት ሄደዋል' ብሏል" የሚለው ይበልጣል። ማን እንደተናገረና መቼ እንደተናገረ አለው። ከዚያ የሞከራችሁትን ጻፉ። ለሌላ ካቦ ደወላችሁ? የቀን ክፍያ ጨመራችሁ? ስንት ሰው ተገኘ? ተቋራጩ እጁን አጣጥፎ እንዳልተቀመጠ የሚያሳየው ይህ መስመር ነው። በኋላ ላይ ደግሞ በጭራሽ አይገኝም፤ የዛሬ ዓመት ለማን እንደደወላችሁ አታስታውሱም።

ዲያሪው ላይ ያለው ቁጥር ከበር መቆጣጠሪያውና ከፔሮሉ ጋር ይግጠም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አስተያዩ። ልዩነት ካለ ምክንያቱን በዚያው ቀን ጻፉ፤ ለምሳሌ "የንዑስ ተቋራጩ 7 ሰዎች በኛ ፔሮል የሉም"።

"ሠራተኛ ጠፋ" ብሎ ጊዜ ማግኘት ይቻላል?

በአብዛኛው አይቻልም፤ ይህን ደፍሬ ብናገር ይሻላል። ሠራተኛ ማምጣት የተቋራጩ ድርሻ ነው። የ1999 ቀይ መጽሐፍ የሠራተኛ እጥረትን የሚቀበለው አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ሆኖ በወረርሽኝ ወይም በመንግሥት እርምጃ የመጣ ሲሆን ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ጠበቅ ያለ ነው። በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሚባለው ሊገመት የማይችልና ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። አንቀጽ 1794 ደግሞ በራስ ድርጅት ውስጥ የተነሳ የሥራ ማቆም አድማን ከዚያ ውጭ ያደርገዋል። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለአጨዳ የሚሄድ ሠራተኛ በየዓመቱ ይሄዳል። አልገመትኩም ማለት አያስኬድም።

መሀል ከተማ ግን በትኩረት የሚጻፉ ቀናት አሉ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፤ ሠራተኛው ከጀሞ ወይም ከአየር ጤና መድረስ ያቅተዋል። ጉባኤው በየዓመቱ ስለሚመጣ ሊገመት ይችላል። በድንገት የተነገረ መዘጋት ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው የተጻፈው ዝርዝር ነው፦ የትኛው መንገድ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማስታወቂያው መቼ ወጣ፣ ማን ነገራችሁ፣ ስንት ሰው ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ። "መንገድ ተዘግቶ ነበር" ብቻ ከሆነ ግን የጉባኤው ሰሞን መዘጋት ይሁን ድንገተኛው አይለይም።

"ከአቅም በላይ" የሚለውን ቃል ራሱን ዲያሪው ላይ አትጻፉ። እሱ ድምዳሜ ነው። ዲያሪ የሆነውን ይናገር፤ ድምዳሜው በደብዳቤው ላይ ይመጣል።

በአንድ ቀን ዝናብም ጣለ፣ ሠራተኛም ጎደለ። የቱን ልጻፍ?

ሁለቱንም፣ እያንዳንዱን ከነሰዓቱ። ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላሳያችሁ። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ለገሃር አካባቢ ባለ ሁለት ቤዝመንት ሕንፃ፣ የራፍት ፋውንዴሽን ፌሮ በሚታሰርበት ሰሞን ነው እንበል። የሥራ ሰዓቱ ከ2 እስከ 11፣ ምሳ ከ6 እስከ 7።

> ማክሰኞ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 (23/04/2024)። ጠዋት 2:00 (8:00) ሥራ ተጀመረ፤ የራፍት የታችኛው ፌሮ። በዕቅድ 24 ፌራዮ፣ የመጡ 15። ካቦው 2:30 ላይ ሲጠየቅ "ዘጠኙ ለፋሲካ ሄደዋል" አለ። 3:10 ለሌላ ካቦ ተደውሎ ለነገ 4 ሰው ሊልክ ተስማማ። ከቀኑ 8:20 (14:20) ዝናብ ጀመረ፣ 8:25 ሥራ ቆመ። 6 ፌራዮ ሼድ ውስጥ ፌሮ ወደ ማጠፍ ተዛወሩ፤ 9 ሥራ ፈቱ። 10:05 (16:05) አባራ። ሰሜን ምሥራቅ ጥግ 35 ሳ.ሜ. ውሃ። ከ2 ፓምፕ አንዱ አልነሳም። ሌላው ከ10:15 (16:15) እስከ ማታ 2:30 (20:30) ሠርቶ ውሃው አለቀ።
>
> ረቡዕ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 (24/04/2024)። ዝናብ የለም። የመለኪያ ንባብ ጠዋት 3:00 (9:00)፣ 31 ሚ.ሜ.። ከ2:00 እስከ 5:00 (8:00 እስከ 11:00) 12 የቀን ሠራተኞች ከሊን ኮንክሪቱና ከፌሮው ላይ ጭቃ አጸዱ። የፌሮ ሥራ 5:00 ላይ ተመለሰ። ፌራዮ 18፤ አዲስ 4 መጡ፣ ከትናንቶቹ 1 ቀረ።

አሁን እናንብበው። ከ8:25 እስከ 11:00 ሁለት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። የረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጨመራል። ዝናቡ በጉድጓዱ ሥራ ላይ የወሰደው አምስት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሆነ። አማካሪው "ዘጠኝ ሰው ጎድሎ ነበር እኮ" ይላል። አዎ፣ ጎድሎ ነበር። ግን 24ቱም ቢመጡ ከ8:25 በኋላ ጉድጓድ ውስጥ መቆም አይችሉም ነበር። በሌላ በኩል ከጠዋት ጀምሮ እስከ 8:25 ሥራው የተጓተተው በሰው ማነስ ነው፤ ያ የተቋራጩ ነው፣ አይጠየቅበትም። ሰዓቱ ስለተጻፈ ሁለቱ ተለያዩ። "ዛሬ በዝናብና በሠራተኛ እጥረት ሥራ አልተሠራም" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ቀኑ በሙሉ ለተቋራጩ ይቆጠርበት ነበር።

ይህ ግን የሁለት ቀን ማስረጃ ነው፤ ብቻውን አንድም ቀን አያስጨምርም። የወሩ ሁሉ ገጾች ተደምረው፣ የወሩ ዝናብ ካለፉት ዓመታት ጋር ተነጻጽሮ፣ የፌሮው ሥራ ለሕንፃው መጠናቀቂያ ወሳኝ መስመር ላይ መሆኑ በመርሐ ግብሩ ታይቶ ነው ጥያቄው የሚቆመው።

ፓምፑ አለመነሳቱ የኛ ጥፋት ነው። እሱ ለምን ይጻፋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ ከላይ ያለው ገጽ ውስጥ ስላለ። አንዱ ፓምፕ ውሃውን በአራት ሰዓት ከሩብ ጨረሰ። ሁለቱም ቢሠሩ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጥ ነበር እንበል፤ ያ ማለት ማታ 12:20 አካባቢ ነው። የሥራ ሰዓት ደግሞ 11 ላይ አብቅቷል። ጭቃው በሁለቱም መንገድ ረቡዕ ጠዋት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ የፓምፑ ብልሽት አንድም የሥራ ሰዓት አላጠፋም። ይህን ማስረዳት የተቻለው ብልሽቱም ሰዓቱም ስለተጻፉ ነው።

ብልሽቱ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ የአማካሪው ተቆጣጣሪ የራሱ ደብተር ላይ ጽፎታል። ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የእናንተ ዝምታ ሌላውን ገጽ ሁሉ ያጠራጥራል። የራሱን ድክመት የሚጽፍ ዲያሪ ስለ ዝናቡ ሲናገርም ይታመናል።

ጥቂት ቀን ሳልጽፍ አለፈኝ። አሁን ብሞላው?

ሙሉት፣ ግን ዘግይቶ መጻፉን እዚያው ግለጹ፦ "ዓርብ ሚያዝያ 18 ቀን የተጻፈ፣ የማክሰኞ ሚያዝያ 15 ሁኔታ፣ ከፎርማኑ የኪስ ደብተር የተወሰደ"። ክብደቱ ይቀንሳል፤ ግን ሐቀኛ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ዕለቱ አስመስሎ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው፤ ደግሞም ይታወቃል።

እንዴት እንደሚታወቅ አይቻለሁ። ወጣት ሆኜ የሠራሁበት አንድ ድርጅት የሁለት ወር ዲያሪ በአንድ ሳምንት መጨረሻ አስጻፈን። እስክርቢቶው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ቀለም ነበር። ዓረፍተ ነገሩም አንድ ዓይነት፣ "ከሰዓት በኋላ በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት..." ይላል፣ ሃያ ጊዜ። ከሁሉም የከፋው ግን አንድ ገጽ ነበር። ሳይቱ ተዘግቶ በነበረበት የበዓል ቀን 38 ሠራተኛ እንደሠራ ተጽፏል። የአማካሪው ሰው ያንን ገጽ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ምንም አልተናገረም። እውነተኛዎቹ የዝናብ ቀናትም ከዚያ ገጽ ጋር አብረው ወደቁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም።

አማካሪው ዲያሪው ላይ አልፈርምም ቢልስ?

ብዙዎቹ የሚፈሩት "ከፈረምኩ የጊዜ ማራዘሚያውን አምኛለሁ" ማለት ስለሚመስላቸው ነው። ስለዚህ ፊርማው ለምን እንደሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፦ "የሠራተኛ ቁጥርና ሰዓት ስለመመልከት ብቻ፤ መብት ስለመስጠት አይደለም"። ይህ መስመር ከተጻፈ በኋላ ብዙ ሰው ይፈርማል።

አሁንም እምቢ ካለ አትጨቃጨቁ። "11:10 (17:10) ለረዚደንት ኢንጂነሩ ቀርቦ አልተፈረመም" ብላችሁ ጻፉ። የገጹን ስካን በዚያው ምሽት በኢሜይል ላኩለት። ደርሶት ዝም ካለና ከስምንት ወር በኋላ "ዝናብ አልነበረም" ካለ፣ ለምን ያኔ እንዳልተቃወመ የሚጠየቀው እሱ ነው። ያልተስማማበት ቁጥር ካለ ደግሞ የራሱን ቁጥር አጠገቡ እንዲጽፍ ጋብዙት። 15 እና 14 ብላችሁ መለያየታችሁ ችግር የለውም፤ የክርክሩ ስፋት ወደ አንድ ሰው ጠበበ ማለት ነው።

ፎቶውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። ያ አይበቃም?

ይረዳል፣ ግን ዲያሪውን አይተካም። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ምስሉ ይጨመቃል፣ ውስጡ የነበረው የተነሳበት ጊዜና ቦታ መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ከላካችሁት ኦሪጅናሉ እንዳለ ይሄዳል። ዋናውን ከስልካችሁ ላይ አትደምስሱ፤ በየሳምንቱ ወደ ቢሮ ኮምፒዩተር ገልብጡት። ኤሌክትሮኒክ መረጃ በ2012 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1205 ዕውቅና አለው፤ ስለዚህ ስልካችሁን አትናቁት።

ፎቶው ራሱ የሚናገር ይሁን። የተኛው ውሃ ውስጥ ሜትር አቁሙና አንሱ። ከበስተጀርባው የማይንቀሳቀስ ነገር ይታይ፤ የጎረቤት ሕንፃ ወይም የራሳችሁ አክሲስ ምልክት። ዲያሪው ላይ ደግሞ "ፎቶ 4፣ 10:12 (16:12)፣ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ" ብላችሁ አስተሳስሩት። ማን የት እንዳነሳው የማይታወቅ የጭቃ ፎቶ የማንኛውም ሳይት ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ዲያሪው ላይ ከጻፍኩና አማካሪው ከፈረመ፣ አሳውቄያለሁ ማለት አይደለም?

አይደለም። ጥሩ ዲያሪ የያዙ ሰዎች ጭምር የሚሸነፉት እዚህ ነው። ዲያሪ ማስረጃ ነው፤ ማሳወቂያ ደግሞ በውሉ በተነገረው አድራሻ የሚደርስ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ነው። በ1999 ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ካለፈ ጊዜ የመጠየቅ መብቱን ያጣል። ዝርዝሩ ደግሞ በ42 ቀን ውስጥ ይከተላል፤ በ2017 እትም ወደ 84 ቀን ሰፍቷል። የእናንተ ውል ሌላ ከሆነ ቀኑም ይለያያል፤ ስለዚህ የውሉን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ የዲያሪው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፉት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ዝናብ ሥራ ያቆመበት ቀን ሲኖር፣ ከጽሑፉ በታች በቀይ እስክርቢቶ የ28ኛውን ቀን ቀን እጽፋለሁ። ለሚያዝያ 15 ያ ግንቦት 13 ነው (21/05/2024)። ደብዳቤው ሲወጣ ደግሞ ቁጥሩን አጠገቡ እጽፋለሁ። ቀይ ቀን ኖሮት የደብዳቤ ቁጥር የሌለው ገጽ ካየሁ በዚያው ዕለት ደብዳቤውን እጽፋለሁ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦ ምን እንደደረሰ፣ መቼ እንደደረሰ፣ በየትኛው አንቀጽ ጊዜ እንደምንጠይቅ፣ መዝገቡ የት እንዳለ። አራት መስመር ይበቃል።